የእማዬ ነጠላ፣ ነጩ ግድግዳና አልገባም ያለው ፎቶ

እማዬን ለጉብኝት ላምጣት ብዬ የአሜሪካን የቪዛ ፎርም፣ ማለትም DS-160ን፣ እዚሁ ቁጭ ብዬ ሞላሁላት። ለሌላ ሰው መሙላት ይፈቀዳል። መጨረሻ ላይ ለመሙላት የረዳ ሰው ካለ ይጠይቃል፤ ስማችሁን ሳትደብቁ ጻፉ። ፎርሙ አለቀ። ፎቶው ግን ሦስቴ ተመለሰ።

የመጀመሪያው ባሕር ዳር ከሚገኝ ፎቶ ቤት የተነሳችው ጉርድ ነበር። ወንድሜ የታተመውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ በስልኩ አንስቶ ላከልኝ። ጀርባው ሰማያዊ ነው፤ የሚፈለገው ደግሞ ነጭ ወይም ወደ ነጭ የሚጠጋ። ፎቶ ቤቱ ለቁንጅና ብሎ የፊቷን መስመሮች አጥፍቶላታል፤ ይህም አይፈቀድም። በዚያ ላይ ጉርድ ፎቶ ቁመቱ ከወርዱ ይበልጣል፣ ፎርሙ የሚቀበለው ግን እኩል ጎን ያለው ካሬ ነው። እኔም ጎትቼ ካሬ አደረግኩት። እማዬ በአንድ ሌሊት ወፈረች! ካሬ የሚደረገው ከላይና ከታች በመቁረጥ ነው እንጂ በመለጠጥ አይደለም።

«በቃ ቤት አንሳት» አልኩት። እሁድ ጠዋት ከጊዮርጊስ ስትመለስ፣ ነጠላዋን እንደተከናነበች፣ ከነጭ ግድግዳ ጋር አስጠግቶ አነሳት። ፎቶው ያምራል። ችግሩ ነጭ በነጭ ላይ መሆኑ ነው፤ ጭንቅላቷ የት እንደሚያልቅ፣ ግድግዳው የት እንደሚጀምር አይለይም። ከጆሮዋ ጀርባ ደግሞ ጥቁር ጥላ ግድግዳው ላይ አርፏል። በእምነት ምክንያት ሁልጊዜ የሚለበስ መሸፈኛ ይፈቀዳል፤ ግን ፊት ሙሉ በሙሉ መታየት አለበት፣ መሸፈኛውም ፊት ላይ ጥላ መጣል የለበትም። ነጭ ከሆነ ቀለም ባለው ሻሽ ቀይሩት። የሚነሳው ሰው ከግድግዳው አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይራቅ፣ ፊቱን ወደ በረንዳው ወይም ወደ መስኮቱ ያዙር። የባሕር ዳር የቀትር ፀሐይ ከዓይን ሥር ጥላ ስለሚሠራ ጠዋት ይሻላል። መነጽር ከ2016 እ.ኤ.አ. ኖቬምበር ወዲህ አይፈቀድም፤ እማዬ «ሳላየው ልነሳ ነው?» ብላ ስቃ አወለቀች።

ሦስተኛው ፎቶ በዓይን ሲታይ እንከን አልነበረውም። ያልገባው በፋይሉ ምክንያት ነው። የወንድሜ አይፎን በHEIC ያስቀምጣል፣ ፎርሙ የሚቀበለው JPEG ብቻ ነው። እኔ ብልጥ ነኝ ብዬ የስሙን ጫፍ ወደ .jpg ቀየርኩት። ስም መቀየር ፋይሉን አይቀይረውም፤ የጤፉን ጆንያ ስንዴ ብሎ እንደመጻፍ ነው። ከመነሳቱ በፊት ስልኩ ላይ Settings፣ Camera፣ Formats ገብቶ Most Compatible የሚለውን መምረጥ ነው። ሲልክም በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ File ይላክ። እንደ ፎቶ ከተላከ ቴሌግራም ራሱ ያሳንሰዋል፣ ጥራቱንም ይቀንሰዋል።

አሁን ወደ ልኩ። የካሬው ጎን ከ600 እስከ 1200 ፒክስል፣ ክብደቱ ቢበዛ 240 ኪሎባይት ነው። ብዙ ሰው የሚስተው 240 ጣሪያ እንደሆነ ሁሉ ወለልም መኖሩን ነው፤ ፎቶው ከ20 እጥፍ በላይ መታመቅ የለበትም። ስሌቱ ቀላል ነው። 800 በ800 ብትሉ፣ እያንዳንዱ ፒክስል ሦስት ባይት ስለሚይዝ፣ ሳይታመቅ 1,920 ኪሎባይት ይሆናል። ለ20 ሲካፈል 96። ስለዚህ ፋይላችሁ ከ96 እስከ 240 መካከል ይሁን። 1200 ላይ ግን ወለሉ 216 ስለሚሆን መንቀሳቀሻ የለም። እኔ 800 ነው የምመርጠው።

የወንድሜ ፎቶ 3000 በ4000 ነበር። መጀመሪያ 3000 በ3000 ቆረጥኩት፣ ከዚያ ወደ 800 አሳነስኩት፣ በJPEG ጥራት 90 አካባቢ ሳስቀምጠው 150 ኪሎባይት መጣ። ስትቆርጡ ጭንቅላቷን ለኩ፤ ከአገጭ እስከ አናት ከካሬው ቁመት ከ50 እስከ 69 በመቶ መያዝ አለበት። በ800 ላይ ከ400 እስከ 552 ፒክስል ማለት ነው። ወንድሜ በጣም ቀርቦ ስላነሳት መጀመሪያ 600 ወጣልኝ፤ ከዚህ በኋላ ማስተካከያ የለውም፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ደግሞ አነሳት።

ፎቶው ከስድስት ወር ያልበለጠ መሆን አለበት፤ የዛሬ ሦስት ዓመት ለመታወቂያ የተነሳችሁትን አትላኩ።

እንዲህም ሆኖ አልገባም ካለ ፎርሙን መጨረስ ይቻላል። የማረጋገጫው ገጽ ላይ በፎቶው ቦታ የX ምልክት ከወጣ፣ አዲስ አበባ ኤምባሲ ለቃለ መጠይቅ ስትቀርብ የታተመ ፎቶ ይዛ ትሂድ። ፎቶ ቤቱን «ጉርድ» እንዳትሉት፤ «5 በ5 ሴንቲ ሜትር፣ ጀርባው ነጭ፣ ፊቷን ሳትነካካ» በሉት።