የልጅ መንቀጥቀጥ ሲረዝም በሐኪም የታዘዘን ዲያዜፓም በቤት ውስጥ እንዴት መስጠት ይቻላል?

ይህ ጽሑፍ የሚጥል በሽታ ላለበት ልጃቸው ሐኪም በፊንጢጣ የሚሰጥ ዲያዜፓም አዝዞላቸው በቤታቸው ያስቀመጡ ወላጆችን ይመለከታል። መድኃኒቱ ካልታዘዘ፣ ወይም ልጁ ሲንቀጠቀጥ የመጀመሪያው ከሆነ፣ ሳይጠብቁ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው።

መንቀጥቀጡ ሲጀምር መጀመሪያ ሰዓት ይታያል፤ በጭንቀት ውስጥ አንድ ደቂቃ እንደ አሥር ስለሚረዝም ግምት አይታመንም። ልጁን መሬት ላይ በጎኑ አስተኝተው ከራሱ ሥር ነጠላ ወይም ጋቢ አጥፈው ያድርጉለት፤ ምራቁና ትውከቱ በአፉ ጥግ እንዲወጣ ፊቱ በትንሹ ወደ ታች ያዘንብል። አጥብቀው አይያዙት፣ በአፉ ማንኪያም ሆነ ውኃ አያስገቡ። ክብሪት ጭሮ ማሽተት በየሰፈሩ የተለመደ ቢሆንም መንቀጥቀጡን አያቆምም።

መንቀጥቀጡ 5 ደቂቃ ከሞላው መድኃኒቱ ይሰጣል። ለምሳሌ 12 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ሐኪሙ በኪሎ 0.5 ሚሊግራም አዝዞ ቢሆን ጠቅላላው 6 ሚሊግራም ነው፤ 10 ሚሊግራም በ2 ሚሊሊትር ከያዘው አምፑል ደግሞ 1.2 ሚሊሊትር ይሆናል። ስሕተት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው፦ ሲሪንጅ የሚለካው በሚሊሊትር ስለሆነ ሁለቱ ቁጥሮች በቀላሉ ይምታታሉ። ስለዚህ ሐኪሙን ወይም ፋርማሲስቱን የሚሊሊትሩን ቁጥር በትልቁ እንዲጽፉልዎ ይጠይቁና ከመድኃኒቱ ጋር ያስቀምጡት። መድኃኒቱን አስቀድሞ በሲሪንጅ ቀድቶ ማቆየት አይገባም።

ከቀዱ በኋላ መርፌውን ይንቀሉ። ልጁ በጎኑ እንደተኛ ጉልበቱን ወደ ሆዱ አጥፈው የሲሪንጁን ጫፍ በቅባት ካለሰለሱ በኋላ ሐኪሙ ባሳየዎት ልክ ቀስ ብለው ያስገቡ፤ በዝግታ ገፍተው ሲያወጡም መድኃኒቱ እንዳይፈስ መቀመጫውን ለጥቂት ደቂቃ ገጥመው ይያዙ። የወጣ ፈሳሽ ካዩ በግምት አይጨምሩ።

መድኃኒቱን በሚሰጡበት ጊዜ ሌላ ሰው መኪና ይፈልግ ወይም አምቡላንስ ይጥራ። ለምሳሌ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት መውጣት ጊዜ ስለሚወስድ፣ ያቆም እንደሆነ እንይ ብሎ መዘግየት በኋላ አይካካስም፤ የሚቀርበው ጤና ተቋም ኮምቦልቻ ውስጥ ካለ መጀመሪያ ወደዚያ ይወሰድ። መድኃኒቱ ከተሰጠ 5 ደቂቃ አልፎ መንቀጥቀጡ ካልቆመ፣ ቆሞ እንደገና ከጀመረ፣ ልጁ ሳይነቃ ሁለተኛ ዙር ከተከተለ፣ ራሱን ከተመታ ወይም ትኩሳትና የአንገት መገተር ካለው፣ ጉዞው ወዲያውኑ መጀመር አለበት። ሁለተኛ መጠን ሐኪሙ በጽሑፍ ካላዘዘ በቤት አይሰጥም፤ ምክንያቱም ዲያዜፓም መተንፈስን ሊያዳክም ይችላል።

ከዚያ በኋላ ልጁ ማንቀላፋቱ የሚጠበቅ ነው። ይሁን እንጂ ደረቱ ከፍ ዝቅ ማለቱን እያዩ አብረውት ይቆዩ፤ ትንፋሹ ከዘገየ ወይም ካንኮራፋ፣ አልያም የከንፈሩ ውስጥና ምላሱ ከጠቆረ፣ ይህ እንቅልፍ ሳይሆን ድንገተኛ አደጋ ነው። በመኪናም ሆነ በባጃጅ በጎኑ እንደተኛ ይጓዝ፤ መንቀጥቀጡ የጀመረበትን ሰዓት፣ መድኃኒቱ የተሰጠበትን ሰዓትና መጠኑን በወረቀት ጽፈው ከባዶው አምፑል ጋር ለተቀባዩ ባለሙያ ይስጡ።