ለፕሮፋይል ፎቶ አኒሜ፣ ቺቢ ወይስ የምዕራባውያን ካርቱን? እንዴት እንደሚመረጥ

ፎቶዎን በሥዕል ለመተካት ሲያስቡ መፈለግ ያለብዎ በጣም የሚያምረውን ስልት ሳይሆን፣ ሰው እርስዎን የሚለይበትን ምልክት የማያጠፋውን ነው። ስለዚህ አስቀድመው በቀን ብርሃን ከፊት ለፊት የተነሱትን ፎቶ ይዘው፣ ዘመድ ከሩቅ የሚያውቅበትን ሁለት ምልክት ይለዩ። ለምሳሌ በደሴ የጥልፍ ቀሚስ የምትሸጥና ደንበኞቿን በቴሌግራም የምታስተናግድ አንዲት ሴት እናስብ፤ ምልክቶቿ ወደ ኋላ የተሠራው ሹሩባዋና የፊት ጥርሶቿ ፍንጭት ናቸው እንበል።

ቀጥሎ እነዚህን ምልክቶች በየስልቱ ይፈትኗቸው። የጃፓን ካርቱን ስልት የሆነው አኒሜ ዐይንን ያጎላል፣ አገጭን ያሾላል፣ አፍንጫን ወደ ነጥብ ወይም ወደ አጭር መስመር ያሳንሳል። ጥርስ በአብዛኛው ሳይከፋፈል እንደ አንድ ነጭ ሰቅ ስለሚሣል ፍንጭቷ ይጠፋል። በዚህ ስልት ሰውን ከሰው የሚለየው በዋናነት ፀጉሩ ስለሆነ ሹሩባዋ ሊያስታውቃት ይችላል፤ ሆኖም ሠዓሊው እንደ ልማዱ ሹል ሹል ዘለላ ካደረገው ፊቱ የማንም ሊሆን ይችላል።

ራስን አግዝፎ አካልን የሚያሳንሰው የጃፓን ስልት፣ ቺቢ፣ ከዚህም ርቆ ይሄዳል። የአዋቂ ሰው ቁመት የራሱን ርዝመት ሰባት እጥፍ ያህል ሲሆን፣ ቺቢ ግን ወደ 2 ወይም 3 ራስ ያሳጥረዋል። ዐይን ከፊቱ አጋማሽ ዝቅ ይላል፣ ግንባር ይሰፋል፣ አፍንጫ ብዙ ጊዜ ጨርሶ ይቀራል፤ በዚህም ምክንያት የአርባ ዓመት ነጋዴ ሕፃን ትመስላለች። ቀሚሷንና ጥልፉን ለማሳየት የሚመች ቢሆንም፣ ሙሉ አካሏ በፕሮፋይል ፎቶው ጠባብ ክብ ውስጥ ሲገባ ጥልፉም አይለይም። ለስቲከር ቢቀመጥ ይሻላል ባይ ነኝ።

የምዕራባውያን ካርቱን ብዙ ዓይነት ነው፤ እዚህ የምለው ወፍራም መስመር ያለውንና ማጋነንን መሠረቱ ያደረገውን ነው። ይህ ስልት ከተለመደው የወጣውን ሁሉ፣ ማለትም አፍንጫን፣ መንጋጋን፣ ጥርስን፣ ይበልጥ ያጎላዋል፤ ፍንጭቷም እዚህ ዋና መታወቂያዋ ይሆናል። አደጋው ማጋነኑ ወደ ማላገጥ እንዳይሻገር ነው። ለማረጋገጥ ሥዕሉን ሳይነግሩ ለቤተሰብ ያሳዩ፤ ስምዎን ከመጥራቱ በፊት ከሳቀ በዝቷልና ሠዓሊው እንዲቀንሰው ይጠይቁ። ለዚህች ሴት እኔ የምመርጠው ይህንኑ ነው።

በመጨረሻ ሥዕሉን በስልክዎ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር እስኪያክል ያሳንሱት፤ በንግግር ዝርዝር ውስጥ ሰው የሚያየው በዚያ መጠን ነውና። ሹሩባው አንድ ጥቁር ጉብታ ከመሰለ መስመሩ በዝቷል ማለት ነው፤ ሠዓሊው አምስት ወይም ስድስት ሰፋፊ ረድፍ ብቻ አስቀርቶ፣ በመካከላቸው የራስ ቆዳዋን ቀለም በግልጽ እንዲያሳይ ይንገሩት።