ብሪጁ አለ፣ የመጨረሻው አዝማች ግን ያው ነው፦ ችግሩና መፍትሄው

ምልክቱ ይሄ ነው። ዘፈኑ ጥሩ ይሄዳል፣ ሁለተኛው አዝማች ላይ ሰው አብሮ ያዜማል፣ ብሪጁ፣ ማለት ከስንኙም ከአዝማቹም ተለይቶ መሐል የሚገባው ክፍል፣ ይመጣል፣ ከዚያ የመጨረሻው አዝማች ሲገባ ሰው ስልኩን ያወጣል። ሊቀርጽ አይደለም። ሰዓት ሊያይ ነው።

ሐዋሳ፣ ፒያሳ አካባቢ፣ ግድግዳዋ በስፖንጅ በተሸፈነች አንዲት ክፍል ውስጥ ዴሞ እቀዳለሁ። በብዛት የሚመጣልኝ በሽታ ይሄ ነው። ዜማው ከምቱ ጋር መግጠሙን፣ ቁልፉ፣ ማለት ዘፈኑ የሚዘፈንበት ከፍታ፣ ለድምፃችሁ መስማማቱን አይታችኋል ብዬ ልለፍ።

መጀመሪያ ምርመራ። ዘፈኑን ሰምቶ የማያውቅ ሰው ፈልጉ። እኔ ደጃፌ ላይ የሚቆመውን ባጃጅ ሹፌር እጠራለሁ። ከመጀመሪያው አዝማች በኋላ አቆምና "ይሄን የሚለው ማነው? መቼ ነው የሚለው?" እለዋለሁ። ዘፈኑ ሲያልቅ ያንኑ እደግምለታለሁ። ሁለቱ መልሶች አንድ ከሆኑ ብሪጁ አልሠራም። "ያምራል" መልስ አይደለም። ጓደኞቻችሁን ደግሞ አትጠይቁ፣ ጓደኛ ይዋሻል።

አሁን ወደ ምክንያቱ። አብዛኛውን ጊዜ ብሪጅ ተብሎ የሚመጣልኝ ነገር ብሪጅ አይደለም፣ ጮክ ተብሎ የተዘፈነ ሦስተኛ ስንኝ ነው። ያው ሰው፣ በዚያው ጊዜ ቆሞ፣ ያንኑ ስሜት በሌላ ቃል ይደግመዋል። ታዲያ ወደ አዝማቹ ስንመለስ ከየት ተመለስን? የትም አልሄድንማ።

አንድ ልጅ ስለ እናቱ ዘፈን ይዞልኝ መጣ። ስንኞቹ ስለ ልጅነቱ ነው፤ ቤታቸው ሲመሽ እናቱ የምትለውን ይተርካል። አዝማቹ የእሷ ቃል ነው፦

በሩ ገርበብ ይበል፣ መብራታችን ይብራ
ማታ የመጣ ሰው፣ እንዳያጣ ስፍራ

ስድስት ስድስት ቀለም፣ ደህና የወል ቤት፣ አንድም የሚነቀል የለው። ወደድኩት። ከዚያ ብሪጁ መጣ፦ እናቴ ደግ ነሽ፣ እናቴ ሩህሩህ ነሽ፣ ወዘተ። ይሄን እኮ አዝማቹ ራሱ ነግሮናል! በሩን ገርበብ አድርጉ የምትል ሴት ደግ መሆኗ ማንም አይጠፋውም።

"ጋሼ፣ እዚህ ጋ ቁልፉን ከፍ ብናደርገውስ?" አለኝ።

እዚህ ላይ ትዕግስቴ ያልቃል። ኪቦርድ ላይ ትራንስፖዝ የሚባል ቁልፍ አለ፣ አንዴ ስትጫኑት ዘፈኑ በግማሽ ድምፅ ከፍ ይላል፣ ሰነፍ አቀናባሪም ብሪጅ ሲደክምበት እሱን ይጫናል። አዳማጩ ለአራት ሰከንድ ይነቃል፣ ከዚያ ያንኑ አዝማች በጩኸት ይሰማል። አንድ ሆቴል ውስጥ ስንጫወት ኪቦርድ ተጫዋቹ ከፍ አድርጎት ሳይመልሰው ረስቶ ቀጣዩን ዘፈን እንደዚያው ጀመረ፤ ዘፋኟ እስከ መጨረሻው የአንገቷ ሥር ተወጥሮ ነው የዘፈነችው፣ ከመድረክ ወርዳም ሳምንት አላናገረችንም። ከፍ ማድረግ ክልክል አይደለም። ግን ቃሉ ካልተዞረ ምንም አያዞርላችሁም።

"ወንድሜ፣ እናትህን ማመስገን አቁምና አንድ ነገር ንገረኝ" አልኩት። "በዚያ በር መጨረሻ የገባኸው መቼ ነው?" ዝም አለ። ከዚያ ነገረኝ። ለሥራ ርቆ ሄዶ፣ ሲመለስ በሌሊት ደርሶ፣ ቤቱ ተዘግቶ ነው ያገኘው። እናቱ የለችም። ብሪጁ እሱ ነበር፦

ደረስኩኝ ማታ፣ መብራት የለበት
ቁልፉም ተሰቅሏል፣ ጎረቤቶች ቤት

"ሞተች" አላለም። እንዳይልም ከለከልኩት። ቁልፉ ጎረቤት ቤት ከተሰቀለ ሁሉም ያውቃል። አሁን አዝማቹን መልሳችሁ ዝፈኑት። አንድ ፊደል አልተነካም። ግን "ማታ የመጣ ሰው" ቅድም ማንነቱ የማይታወቅ እንግዳ ነበር፣ አሁን ልጁ ራሱ ሆኗል፣ ስፍራ ያጣውም እሱ ነው። የእናት ትዕዛዝ የነበረው የልጅ ልመና ሆነ። ሰምና ወርቅ ለምናውቅ ሰዎች ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። አዝማቹ ሁለት ጊዜ ሰሙን ይዘፍናል፣ ብሪጁ ይፈታዋል፣ ሦስተኛው ላይ ወርቁ ይሰማል።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ጊዜው መቀየሩን አዳማጩ የሚያውቀው መስመሩ ካለቀ በኋላ ነው፤ ብሪጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ ስምንት ባር፣ ማለት ስምንት የምት ዙር፣ ነው፣ ሁለቱን በግርታ ካሳለፋችሁ የቀረው አይበቃም። ስለዚህ "ማታ ደረስኩኝ" የነበረውን ገልብጠን "ደረስኩኝ"ን ፊት አመጣነው። ወይም እንደ "ያኔ" እና "ዛሬ" ያለ ቃል መጀመሪያው ላይ ትከሉ። ሁለተኛ፣ ምቱም ይናገር። ብሪጁን አምስት አምስት ቀለም አደረግነው፣ ሰንጎ መገን፤ ከወል ቤቱ አጠር ስለሚል ትንፋሹ የቆረጠው ሰው ይመስላል። ቅኝቱንም ዶን ሳንለቅ ከትዝታ ሜጀር ወደ ትዝታ ማይነር ወሰድነው፣ ማለት ሚ እና ላ ግማሽ ድምፅ ወረዱ። ለመጨረሻው አዝማች ወደ ሜጀር ተመለስን፣ ግን የመጀመሪያውን መስመር ያለ ከበሮ።

እባካችሁ ከበሮውን አስወጡት። ከበሮ መቺው ያኮርፋል፣ ያኩርፍ። አዳማጩ አዲሱን ትርጉም የሚይዘው በዚያች መስመር ነው፣ ቺክቺካው ከላይ ከወረደበት ቃሉን አይሰማም፣ ማጨብጨብ ይጀምራል።

ሌላው በተደጋጋሚ የማየው ብልሽት ጾታ ነው። ብሪጁ ላይ ተናጋሪው ከወንድ ወደ ሴት እንዲዞር የምትፈልጉ፣ አዝማቹን ከመጻፋችሁ በፊት አስቡበት። አዝማቹ "ነይልኝ" ካለ ተቆልፏል። እሷ ስትዘፍነው "ናልኝ" መሆን አለበት፣ አንድ ቀለም ይጎድላል፣ ዜማውም ይሰናከላል፤ ጉድለቱን "ና ና" እያሉ የሚሞሉም አሉ፣ ዶሮ የሚጠሩ ይመስል። መፍትሄው አንደኛ መደብ ነው። "እጠብቃለሁ" ጾታ የለውም፤ እሱም እሷም ሳይቀይሩ ይሉታል። "ሰው" የሚለውም ቃል እንደዚያው፣ የልጁ አዝማች የተረፈው በእሱ ነው። ሁለተኛ መደብን ካልተዋችሁ ደግሞ የብዙ ቁጥር፣ "አትዝጉ" ምናምን፣ ያስኬዳል።

አልፎ አልፎ ብሪጁ በትክክል ዞሮ ሳለ ዘፋኙ አላምን ብሎ የመጨረሻውን አዝማች ቃል ይቀይራል። አትቀይሩ። ብዙ ጊዜ ድካሙ ይባክናል።

ብሪጁ ላይ አዲስ ሰው፣ አዲስ ከተማ፣ አዲስ ጊዜ በአንዴ ከገባ ደግሞ አንዱን ብቻ ይዛችሁ ሌሎቹን አውጡ።

ልጁ ዘፈኑን መጀመሪያ የተጫወተው ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ቦታ ነው። ሁለተኛው አዝማች ላይ "መብራታችን ይብራ" ሲል መብራት ጠፋ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አለቀልን ብዬ ነበር። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ጊታሪስቱ ሳያቋርጥ ቀጠለ፣ ብሪጁ ጨለማ ውስጥ ገባ፣ "ቁልፉም ተሰቅሏል" ላይ የሚስቅ ሰው አልነበረም። በማግስቱ ባጃጅ ሹፌሩን ጠርቼ ቅጂውን አሰማሁትና "የመጨረሻውን የሚለው ማነው?" አልኩት።

"ልጁ ነዋ" አለ። "ደግሞ ረፍዶበታል።"