ጥፍር ሥር ደም ሲቋጥር፦ ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ላይ ነፋሱ ሲበረታ የቆርቆሮ በር ከእጅ አምልጦ ጣት ላይ ይዘጋል። የሚኒባስ ረዳቶችንማ ተዉአቸው፣ ደንበኞቼ ናቸው። ሁሉም የሚመጡት በጠቆረ ጥፍር ነው፤ የሚሳሳቱትም አንድ ዓይነት ነው።

የሚያበሳጨኝ በአምስተኛው ቀን መጥቶ «ጥቁሩን አውጣልኝ» የሚለው ነው። ያምሃል? ስለው «አይ፣ አሁንስ ለቆኛል» ይላል። ታዲያ ምኑን ላውጣ? ደም የምናፈሰው ለመልክ ሳይሆን ተወጥሮ ስለሚያም ነው። ጊዜው የመጀመሪያው አንድ ሁለት ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ደሙ ስለሚረጋ ብትበሱትም አይፈስም፣ ትርፉ ለጀርም በር መክፈት ነው። ካላመመ ይተው።

በጊዜው የመጣ አንድ ረዳት ነበር። በሩ ከነከሰው ሦስት ሰዓት ሆኖታል፤ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ «ልቤ እዚህ ውስጥ ነው የሚመታው» አለኝ። ጥፍሩ ከጎንም ከሥርም አልተነቀለም፣ የጣቱን ጫፍ ያጥፋል፣ ይዘረጋል። አጽድቼ ንጹሕ ወፍራም መርፌ ጥፍሩ ላይ ቀጥ አድርጌ አቆምኩና ሳልጫን በሁለት ጣቴ አሽከረከርኩት። ጥፍሩ ራሱ ስሜት የለውም፣ ማደንዘዣም አላስፈለገም። መርፌው ላላ ሲል ወዲያው አቆምኩ፤ ጥቁር ደም ፈሰሰ፣ ልጁም ሳቀ። ቀዳዳው አንድ ሁለት ቀን ሊያዥ ስለሚችል በንጹሕ ፋሻ ሸፍኜ ውሃ እንዳይነካው ነገርኩት።

ይህን አይታችሁ ቤት ውስጥ መርፌ በእሳት አግላችሁ እንዳትሞክሩት። ላላ ሲል ማቆም ያላወቀ እጅ ሥጋው ውስጥ ይዘልቃል።

ጥፍሩ ከቦታው ከተነሳ፣ ጣቱ ከተጣመመ ወይም ጫፉ አልዘረጋ ካለ ግን መብሳቱን ርሱትና ራጅ ተነሡ። የተሰበረ አጥንት ወይም የተበጠሰ ጅማት ሊኖር ይችላል።

የኔን ስህተት ደግሞ ልናገር። ጀማሪ ሳለሁ ደሙ ከጥፍሩ ግማሽ ካለፈ ጥፍሩን ነቅሎ ሥሩን ማየት ነው ተብዬ ስለተማርኩ የስንቱን ጥፍር ነቅያለሁ! ዛሬ ጥፍሩና ዳሩ ደህና ከሆነ አልነቅለውም። ከሥሩ ላለው ሥጋ ከሱ የተሻለ ፋሻ የለም።

አሮጌው ጥፍር ከሳምንታት በኋላ ሊላቀቅ ይችላል። አትጎትቱት፤ ልብስ የሚይዘውን ጫፍ ብቻ ቁረጡ። የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚያድግ ሙሉ ለመተካት ከ4 እስከ 6 ወር ይፈጃል፤ የእግር አውራ ጣት ግን ዓመት ከዚያም በላይ ይወስዳል። አዲሱ መጀመሪያ ላይ ቢሸበሸብ አትደንግጡ።

ጥቁሩ ከጥፍሩ ጋር ወደ ጫፍ እየሄደ ከሥሩ ንጹሕ ጥፍር ብቅ ማለት አለበት። ወር ሁለት ወር ቆይቶ ያው ቦታው ላይ ካለ፣ ወይም ምንም ሳይመታችሁ የመጣ ጥቁር መስመር ከሆነ፣ የቆዳ ካንሰርም እንዲህ ስለሚጀምር ሐኪም ይየው።