የድመቴ የሆድ ድርቀት እንዴት ለቀቃት

ደሴ ብርዱ ሲጠና ድመቴ ውሃ ትታ ምድጃ ዳር ነው የምትውለው፣ በዚያ ላይ የበግ አጥንት ትቆረጥማለች። ሰገራዋ እንደ ኖራ ነጭና ደረቅ ሆነ፤ ቁጢጥ ብላ ታምጣለች።

አጥንቱን አስቀረሁ። ጨውም ሽንኩርትም የሌለው ቅቅል ሥጋ ለብ ባለ ውሃ እንደ ሾርባ አቅጥኜ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ቅቅል ዱባ ጨምሬ ሰጠኋት። ዱባው አሰር አለው፣ ግን ያለ ውሃ አሰር ብቻ ማብዛት ድርቀቱን ያባብሰዋል። ቀስ በቀስ ሰገራዋ ለሰለሰ።

ለሰው የሚሰጥ የሆድ ማለስለሻ መድኃኒት እንዳትሞክሩ! ከሁለት ቀን በላይ ካልወጣላት፣ ካስመለሳት ወይም ምግብ እምቢ ካለች የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰዷት። ወንድ ድመት እያማጠ ሽንት ካልወጣው ደግሞ ችግሩ ድርቀት ሳይሆን የሽንት መዘጋት ሊሆን ስለሚችል፣ ሌሊትም ቢሆን እስኪነጋ አትጠብቁ።