ባዶ መልሶችን በአማካይ መሙላትና ሌሎች የመጠይቅ ትንተና ስህተቶች

የመጀመሪያው ስህተት ባዶ ቦታዎችን ሁሉ አንድ ዓይነት አድርጎ መቁጠር ነው። ሥራ እንደሌለው የተናገረ ሰው በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚሠራ ስለማይጠየቅ ቦታው ባዶ ይሆናል፤ የጎደለ መልስ ግን የለም። «አላውቅም» ያለ፣ መመለስ ያልፈለገና መረጃ ሰብሳቢው በስህተት የዘለለው ሰው ደግሞ ለየብቻ ሊመዘገቡ ይገባል፤ እያንዳንዳቸው የሚጠይቁት ውሳኔ የተለያየ ነውና። «አላውቅም» የሚለው መልስ 99 ተብሎ ከተመዘገበና ቁጥሩ ኮድ መሆኑ ለፕሮግራሙ ካልተነገረው የሥራ ሰዓት ሆኖ ይደመራል። ከማንኛውም ስሌት በፊት የመልሶቹን የድግግሞሽ ሠንጠረዥ ማየት ይህን ወዲያው ያጋልጣል።

ሁለተኛው ስህተት ያልተሟላ መጠይቅ ሁሉ እንዲወገድ መፍቀድ ነው። ብዙ የስታትስቲክስ ፕሮግራሞች ይህን የሚያደርጉት ሳይጠይቁ ስለሆነ፣ ተንታኙ ስንት ሰው እንደቀረለት እንኳ ሳያይ ውጤቱን ይወስዳል። በትንተናው ውስጥ 10 ጥያቄዎች ቢኖሩና እያንዳንዱ 5 በመቶ መልስ ቢጎድለው፣ ጉድለቶቹም እርስ በርስ ካልተያያዙ፣ 10ሩንም የመለሱት 60 በመቶ ያህሉ ብቻ ይሆናሉ።

ከሁሉ የከፋውና ደጋግሜ በማየቴ ትዕግሥቴን የሚፈታተነው ሦስተኛው ስህተት ግን ባዶውን ቦታ በመላሾቹ አማካይ መሙላት ነው። 1,000 ሠራተኞች በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚሠሩ ተጠየቁ እንበል፤ 500ው ተቀጣሪዎች፣ 500ው በግላቸው የሚሠሩ ናቸው። ከተቀጣሪዎቹ 450 መለሱ፤ አማካያቸው 40 ሰዓት ነው። ሰዓታቸው ከሳምንት ሳምንት ስለሚለዋወጥባቸው በግል ከሚሠሩት የመለሱት 250 ብቻ ናቸው፤ አማካያቸው 56 ሰዓት ነው። ያልመለሱትን 300 ሰዎች ካስወገድናቸው አማካዩ 45.7 ይሆናል። በ45.7 ብንሞላቸውም ውጤቱ ያው 45.7 ነው። ረጅም ሰዓት ከሚሠሩት ብዙዎቹ ባለመመለሳቸው የመጣው አድልዎ ቅንጣት ሳይቀንስ፣ 300 ሰዎች ትክክል አንድ ዓይነት ሰዓት የሠሩ ስለሚመስል የመልሶቹ ስርጭት ይጠባል፤ ፕሮግራሙም 1,000 እውነተኛ መልስ እንዳገኘ ቆጥሮ አማካዩ ምን ያህል እርግጠኛ እንዳልሆነ የሚለካውን መደበኛ ስህተት በ30 በመቶ ያህል አሳንሶ ያቀርባል። እንዲህ ያለው አሞላል የተሳሳተውን ቁጥር እርግጠኛ ያስመስለዋል፤ «ቢያንስ መረጃው ተሟላ» የሚለውን መከራከሪያ ፈጽሞ የማልቀበለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ማስወገድ ተገቢ የሚሆነው የጎደሉት ጥቂት ሲሆኑና ያልመለሱት ከመለሱት እንደማይለዩ የሚያሳምን ምክንያት ሲኖር ነው። ይህን ለመመርመር ሁለቱን ወገኖች በምናውቃቸው ነገሮች፣ በሥራ ዓይነት፣ በዕድሜና በጾታ ማነጻጸር ያስፈልጋል። በምሳሌያችን የሥራ ዓይነት ልዩነቱን ወዲያው ያሳያል። ስለዚህ በየምድቡ ብንገምትና ያልመለሱትን ተቀጣሪዎች 40፣ በግል የሚሠሩትን 56 ብንል አጠቃላይ አማካዩ 48 ይሆናል። ይህም ቢሆን ለእያንዳንዱ ሰው የምድቡን አማካይ በመለጠፍ ብቻ ከተሠራ ስርጭቱን ያጠባል። የሚሻለው በምድቡ ውስጥ ካለው ልዩነት ጋር የሚጣጣሙ የተለያዩ ግምቶችን ደጋግሞ አውጥቶ፣ እያንዳንዱን የተሞላ መረጃ ለየብቻ ተንትኖ ውጤቶቹን ማዋሐድ ነው። የተገመተው ሁሉ በሌላ ዓምድ ምልክት ይደረግበት።

አራተኛው ስህተት ግምቱ ጉዳዩን እንደጨረሰ ማመን ነው። በግል ከሚሠሩት መካከል ያልመለሱት በጣም የተጨናነቁት ቢሆኑስ? መረጃው ራሱ ይህን ሊነግረን አይችልም፤ ተመልሶ መጠየቅ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ሁሉንም መጠየቅ ግን ግድ አይደለም። ካልመለሱት 250 ሰዎች 50ውን በዕጣ መርጠን፣ ሁሉንም አግኝተን አማካያቸው 64 ሰዓት ቢሆን፣ እያንዳንዳቸው አምስት ሰው ይወክላሉ፤ አጠቃላይ አማካዩም 50 ይደርሳል። ከ48 ወደ 50 ያመጣን 50 ሰዎችን ደግሞ መጠየቅ ነው። መረጃ ሰብሳቢው በዕጣ የወጡትን ትቶ ስልክ ቶሎ የሚያነሡትን ብቻ ካነጋገረ ግን ድካሙ ከንቱ ነው፤ ስልክ የማያነሣው ምናልባት ሥራ ላይ ያለው ሰው ነው። ስለዚህ በተለያየ ቀንና ሰዓት፣ በምሽትም ጭምር፣ ደጋግሞ መደወል ይገባል።

መልሶ መጠየቅ ጨርሶ የማይቻል ከሆነ፣ በግል ከሚሠሩት መካከል ያልመለሱት 56፣ 60 ወይም 64 ሰዓት ቢሠሩ ውጤቱ 48፣ 49 ወይም 50 እንደሚሆን አስልቶ፣ ሦስቱንም ከነግምታቸው በሪፖርቱ ላይ ማስፈር ያስፈልጋል።