የመስክ ሂሳብ ሲወራረድ አንድ ወጪ ሁለቴ እንዳይቆጠር

ከደረሰኝ የተለቀመውን አኃዝ በቀጥታ አትደምሩት፤ መጀመሪያ ውሎ አበሉና የኪሎ ሜትር ክፍያው የሸፈኑትን አውጡ።

ለምሳሌ፣ ሠራተኛዋ በራሷ መኪና ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ደርሳ ተመለሰች እንበል፤ 3 ቀን፣ 2 ሌሊት። የመሥሪያ ቤቷ ውሎ አበል ለምግብ በቀን 900 ብር ነው፤ በኪሎ ሜትር ደግሞ 12 ብር ይከፍላል።

የሆቴሉ ደረሰኝ 5,520 ብር ይላል። ውስጡ ግን 800 ብር እራት አለ፤ እራቱን ውሎ አበሉ ሸፍኖታል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ 800 ብቻ ይቀንስና የእራቱን 15 በመቶ ቫት ይረሳል። የሚቀነሰው 920 ነው፣ ለአልጋ 4,600 ይቀራል።

የ3,800 ብሩ የነዳጅ ደረሰኝ ጭራሽ አይገባም፤ ነዳጁ በ12 ብሩ ውስጥ አለ። ኪሎ ሜትሩን ከመኪናው ቆጣሪ መነሻና መድረሻ ንባብ ውሰዱ። እዚህ 550 ነው፣ 6,600 ብር።

2,700 + 4,600 + 6,600 = 13,900። የወሰደችው ቅድመ ክፍያ 8,000 ከነበረ፣ በእጇ የሚገባው 5,900 ብር ነው። ደረሰኞቹ እንዳሉ ቢደመሩ ኖሮ 4,720 ብር ትርፍ ይከፈላት ነበር።